ዐሥር ደቂቃ ለሃበርማስ

እ.ኤ.አ. በ1675 መገባደጃ ላይ የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ አንድ ዐዋጅ አስነገረ። በአገሪቱ ያሉ ቡና የሚሸጥባቸው ቤቶች ሁሉ ከጃንዋሪ 10 ቀን 1676 ጀምሮ በራቸውን እንዲዘጉ የሚያዝ ነበር። ንጉሡን ያስቆጣው ቡናው አልነበረም። ሰዉ በአንድ ሳንቲም እየገባ፣ ጋዜጣ እያገላበጠ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ሹማምንቱ አፉን ሞልቶ ማውራቱ ነው። ዐዋጁ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሠራበትም። ተቃውሞው ስለበረታ፣ ሊጸና ሁለት ቀን ሲቀረው ንጉሡ ራሱ አጠፈው።

“የሕዝብ አደባባይ ንድፈ ሐሳብና ማኅበራዊ ሚዲያ” የሚል ርእስ ደርሶት በክፍል ጓደኞቹ ፊት ዐሥር ደቂቃ እንዲናገር የታዘዘ ተማሪ ከዚህ ታሪክ ቢነሣ አይጎዳም። ብዙዎች የሚነሡት ግን ከልደት ቀን ነው። ዩርገን ሃበርማስ በ1929 በጀርመን ዱስልዶርፍ ተወለደ፣ እዚህ ተማረ፣ እዚያ አስተማረ እያሉ አራት ደቂቃ ያቃጥላሉ። ከዚያ ንድፈ ሐሳቡን በጥድፊያ ያነቡና፣ ሰዓት ሲያልቅ “ማኅበራዊ ሚዲያ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው” ብለው ይቀመጣሉ። ይጨበጨብላቸዋል፤ አድማጩ ግን ባዶ እጁን ይወጣል።

ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው ዐሥር ደቂቃ አንድ ሺህ ቃል ግድም ነው። በዚያ ውስጥ የሚያዋጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ብዙ ሰው መናገር ስለቻለ ክርክር ተመለሰ ማለት ይቻላል? ሦስት ደቂቃ ለሃበርማስ ሐሳብ፣ አንድ ተኩል ለተቺዎቹ፣ አንድ ተኩል ፌስቡክን ለመሰሉ መድረኮች አሠራር፣ ሦስት በዝርዝር ለሚታይ አንድ ምሳሌ፣ የቀረችው አንዲቷ ደግሞ ከክፍሉ ለሚነሣ ጥያቄ ብትመደብ ንግግሩ ይቆማል። ይህ ጽሑፍም በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ እንደ ተማሪው ሰዓት የሚይዝበት ስለሌለ ግን አንዳንድ ቦታ ይቆያል።

ሃበርማስ ሐሳቡን ያወጣበት መጽሐፍ በ1962 በጀርመንኛ ታተመ። ጽሑፉ በመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ማዕርግ ለማግኘት የቀረበ ጥናት ነበር። በፍራንክፈርት የምርምር ተቋም ኃላፊ የነበረው ማክስ ሆርክሃይመር እንዳለ ሊቀበለው ስላልፈለገ፣ ወጣቱ ምሁር ጥናቱን ይዞ ማርቡርግ ከተማ ወደሚያስተምረው ወደ ቮልፍጋንግ አበንድሮት ሄደ። እዚያ ተቀባይነት አገኘ፤ መጽሐፉም ለአበንድሮት መታሰቢያ ተደረገ። በእንግሊዝኛ የተተረጎመው ገና በ1989 ነው። ዓለም አቀፉ ክርክር የተጧጧፈው ከዚያ ወዲህ በመሆኑ፣ ብዙ አንባቢ የ1962ቱን መጽሐፍ ስለ በርሊን ግንብ መፍረስና ስለ ኢንተርኔት የተጻፈ ይመስለዋል። ሲጻፍ ቴሌቪዥን እንኳ ገና አዲስ ነበር።

ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። በመንግሥትና በእያንዳንዱ ሰው ቤት መካከል አንድ ስፍራ አለ። እዚያ ሰዎች እንደ ግል ሰው ተገናኝተው፣ ሁሉን ስለሚነካ ጉዳይ ይነጋገራሉ፤ ከንግግራቸውም የሕዝብ አስተያየት የሚባለው ነገር ይወለዳል። ስፍራው አዳራሽ ወይም መንገድ መሆን አይጠበቅበትም። ጋዜጣም፣ ጠረጴዛም፣ ደብዳቤም ሊሆን ይችላል። ሃበርማስ ይህ ስፍራ መቼና የት እንደተወለደ ሲፈልግ ያገኘው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነው፤ በፓሪስ የመኳንንት ሴቶች ሳሎን፣ በጀርመን የንባብ ማኅበራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በለንደን የቡና ቤቶች።

የለንደን የመጀመሪያው የቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ግድም ነው፤ ባለቤቱም ፓስኳ ሮዜ የሚባል ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ ሰው ነበር። (ከኛ ተራሮች የወጣችው ፍሬ በየመን ዞራ እንግሊዞችን ፖለቲካ ማስወራቷ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ትንሽ ኩራት ቢሰጥ አያስነውርም።) በነዚህ ቤቶች መኳንንቱ ከነጋዴው፣ ነጋዴው ከጸሐፊው ጎን ይቀመጥ ነበር። ሃበርማስን የማረኩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የተናጋሪው ማዕርግ ሳይሆን ያቀረበው ምክንያት ይመዘናል፤ ቢያንስ ደንቡ እንዲህ ነው። ሁለተኛ፣ እስከዚያ ድረስ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት ብቻ ይተረጉሟቸው የነበሩ ጉዳዮች ማንም የሚጠይቃቸው ሆኑ። ሦስተኛ፣ በሩ በመርሕ ደረጃ ለማንም ክፍት ነው።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ የበተን ቡና ቤት ይባል ነበር። ጸሐፊው ጆሴፍ አዲሰን በ1713 እዚያ አፉን የከፈተ የአንበሳ ራስ አስተከለ፤ አንባቢዎች ደብዳቤያቸውን በአንበሳው አፍ ይከቱ ነበር። ተመርጦ የተገኘው “ጋርዲያን” በተባለው የዘመኑ ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል፤ ጋዜጣው ተመልሶ በቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይነበባል፤ አንባቢውም ይከራከርበታል። እዚህ ላይ አቅራቢው ተማሪ ቆም ማለት አለበት፤ ምክንያቱም የጠቅላላው ንድፈ ሐሳብ አሠራር በዚህ ዑደት ውስጥ ይታያል። ንግግር ወደ ጽሑፍ ይገባል፣ ጽሑፍ ወደ ንግግር ይመለሳል፣ በመካከሉ ደግሞ “ይህ ይታተም፣ ያ ይቅር” የሚል በስሙ የሚጠየቅ ሰው አለ። እንግሊዝ ከኅትመት በፊት ይደረግ የነበረውን የፈቃድ ሕግ በ1695 ሳታድሰው ስለቀረች፣ እንዲህ ያለው ጋዜጣ መንገዱ ተከፍቶለት ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መጽሐፉ የናፍቆት መጽሐፍ በሆነ። ሁለተኛው ግማሹ ግን ውድቀትን ይተርካል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ጋዜጣ በማስታወቂያ የሚተዳደር ትልቅ ንግድ ሆነ። ፓርቲዎችና ድርጅቶች የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ቀጠሩ። ይከራከር የነበረው አንባቢ፣ ሌሎች ያሰናዱትን የሚመለከት ሸማች ወደ መሆን ተንሸራተተ። ሃበርማስ ይህን ወደ ፊውዳል ዘመን እንደ መመለስ ቆጠረው። በፊውዳሉ ዘመን ጌታው በሕዝብ ፊት የሚቀርበው ሊታይ ነው፤ ካባው፣ አጀቡ፣ ግብሩ ሁሉ ኃይሉን የሚያሳይበት ነው። ሕዝቡ ያያል፣ ያጨበጭባል፤ አይጠይቅም። ዘመናዊው ፖለቲከኛም በካሜራ ፊት የሚሠራው ይህንኑ ነው ማለቱ ነበር።

ይህ ነጥብ ከ60 ዓመት በኋላ ይበልጥ ስለት አወጣ። አንድ ሚሊዮን ተከታይ ያለው ሰው በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ሲገባ፣ ተመልካቹ ስጦታ ሲልክለትና ልብ ሲያዘንብለት፣ የሚሆነው ነገር ከቡና ቤቱ ጠረጴዛ ይልቅ ከጌታው ግብር ጋር ይቀራረባል። “ማኅበራዊ ሚዲያ የቡና ቤቱን ዘመን መለሰ ወይ?” ብሎ የሚጀምር ተማሪ፣ ሃበርማስ ራሱ “ግብሩንስ ቢመልስ?” ብሎ ሊጠይቀው እንደሚችል ማስታወስ አለበት።

ተቺዎቹ ብዙ ናቸው፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ቦታ የሚገባት ግን አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ናንሲ ፍሬዘር ናት። በ1990 ባሳተመችው ጽሑፍ ሁለት ነገር ተናገረች። የመጀመሪያው፣ ያ ክፍት ነው የተባለው በር ለሴቶችና ለድሆች ዝግ ነበር፤ በለንደን የቡና ቤቶች ሴት ብትገኝ ባለቤት ወይም አሳላፊ ናት እንጂ ተከራካሪ አይደለችም። የተገለሉት ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ የየራሳቸውን አደባባይ ሠሩ። ፍሬዘር እንዲህ ያሉትን ተቀናቃኝ አደባባዮች ትላቸዋለች። የታመቀ ቅሬታ ያለው ወገን እዚያ በራሱ ቋንቋ ይነጋገራል፣ ጥያቄውን ያበስላል፣ ከዚያ ወደ ሰፊው አደባባይ ይዞት ይወጣል።

ለዚህ ከኢትዮጵያ የተሻለ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አወሊያ ትምህርት ቤት በተጀመረው የሙስሊሞች ተቃውሞ “ድምፃችን ይሰማ” የተባለው የፌስቡክ ገጽ እንዲህ ያለ አደባባይ ነበር። በመንግሥትና በግል መገናኛ ብዙኃን በቂ ቦታ ያላገኘው የመጅሊስ ምርጫ ጥያቄ እዚያ ተብራራ፤ አርብ አርብ ምን እንደሚደረግ እዚያ ተነገረ፤ ሰላማዊ ሆኖ እንዲቀጥል እዚያ ተመከረ። የኮሚቴው አባላት ታስረው እንኳ ጥያቄው አልጠፋም።

የፍሬዘር ሁለተኛ ነጥብ ግን ለርእሱ ይበልጥ ያስፈልጋል። አስተያየት ብቻ የሚወጣበት አደባባይ አለ፣ ውሳኔም የሚሰጥበት አደባባይ አለ። ፓርላማ ሁለተኛው ነው፤ ይከራከራል፣ ይወስናልም። ቡና ቤትና ፌስቡክ የመጀመሪያው ናቸው። ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያ ክርክርን መለሰ ወይ ብሎ መጠየቅ በቂ አይሆንም። ከዚያ የወጣው አስተያየት ውሳኔ ወደሚሰጥበት ክፍል የሚገባበት ደጅ አለው ወይ?

አሁን ወደ መድረኮቹ አሠራር። ፌስቡክ በጃንዋሪ 2018 የዜና ገጹን አቀራረብ እንደሚቀይር ማርክ ዙከርበርግ አስታወቀ። ሰዎች ዝም ብለው ከሚያዩት ይልቅ የሚነጋገሩበት ነገር ቅድሚያ እንዲያገኝ ነው ተባለ። በወረቀት ላይ የሃበርማስ ተማሪ የጻፈው ይመስላል። በ2021 የቀድሞ ሠራተኛዋ ፍራንሲስ ሃውገን ያወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች ግን ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። አንድ “ላይክ” 1 ነጥብ ሲያገኝ፣ የቁጣውን ጨምሮ ሌላ የስሜት ምልክት 5 ነጥብ፣ ረዘም ያለ አስተያየት ደግሞ 30 ነጥብ ያገኝ ነበር።

ይህን በሁለት ጽሑፍ ማስላት ይቻላል። አንዲት የጤና ባለሙያ ስለ ክትባት ጥሩ ማብራሪያ ጻፈች እንበል፤ 100 ሰው ወደደላት፤ ነጥቧ 100 ነው። ሌላው ሰው አንዱን ብሔር የሚሰድብ አንድ መስመር ጻፈ፤ 10 ሰው ተቆጣ፣ 10 ሰው ደግሞ ረጅም መልስ ሰጠው። ቁጣው 50፣ መልሱ 300፣ በድምሩ 350። መልስ የሰጡት ሰዎች “ይህ ነውር ነው” ብለው የጻፉ ቢሆኑም ለስሌቱ ለውጥ የለውም፤ እነሱም ስድቡን ወደ ላይ ገፉት። ስሌቱ እውነተኛውን ነገር በብዙ ያቀለለ ነው፤ ፌስቡክ ሌሎች ብዙ መለኪያዎች ይጨምራል። የቁጣውን ነጥብም በ2020 ወደ ዜሮ አውርዶታል። ነገር ግን ከሰነዶቹ እንደታየው፣ የአውሮፓ ፓርቲዎች ራሳቸው ለኩባንያው አቤት ብለው ነበር፤ ተቀናቃኝን የሚያጠቃ ጽሑፍ ካልጻፍን ሰው አያየንም በማለት። የአንበሳውን አፍ ከፍቶ ደብዳቤ የሚመርጠው ሰው ቦታ ላይ የተቀመጠው ይህ ስሌት ነው፤ በስሙ የሚጠየቅ አዘጋጅም የለውም።

ይህ ክፍተት በፍርድ ቤትም እየተፈተሸ ነው። በኖቬምበር 2021 በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው በፌስቡክ ስማቸውና ፎቷቸው ከክስ ጋር ከተሠራጨ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሱ። ስሌቱ የጥላቻ ጽሑፍን ያራግባል፣ ቋንቋችንን የሚያውቁ ተቆጣጣሪዎችም ጥቂት ናቸው ይላሉ፤ ኩባንያው ደግሞ የኬንያ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን ማየት እንደሚችል ወሰነ። ለአቅራቢው ተማሪ የሚጠቅመው የክሱ ውጤት አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ነው። ከሳሾቹ ካሳ ብቻ አልጠየቁም፤ የአደባባዩ ደንብ እንዲለወጥ ጠይቀዋል።

ኢትዮጵያ በበኩሏ በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል ዐዋጅ ቁጥር 1185 አውጥታለች። ዐዋጁ ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመን ጥፋት ጠንከር ባለ ቅጣት ያያል፤ መድረኮቹም አቤቱታ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። ዐዋጁ ተናጋሪውን ነው የሚይዘው፤ ጽሑፉን ለሚሊዮኖች ያደረሰው ስሌት በዚያው ይቀጥላል።

ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት ነገሮችን ለመለየት ደግሞ የ2008ቱ ፈተና ይጠቅማል። በዚያ ዓመት በኦሮሚያ በተነሣው ተቃውሞ የተነሣ ለወራት ትምህርት የተቋረጠባቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ፈተናው ይራዘም የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ግንቦት 22 ፈተናው በሚጀመርበት ቀን ወረቀቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቀ፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ፈተናውን በአገር ደረጃ ሰረዘው። በሐምሌ በድጋሚ ሲሰጥ መንግሥት ለጥቂት ቀናት ማኅበራዊ ሚዲያን ዘጋ።

ኃይል ነበረ? በእርግጥ ነበረ፤ መንግሥት እጁን ተጠምዝዞ ቀኑን ቀይሯል። ክርክር ግን ነበረ ለማለት ያስቸግራል። ትምህርት ያልተቋረጠበት የሌላ ክልል ተማሪ ምን ይሁን፣ ስንት ሳምንት ቢራዘም ይበቃል፣ የዩኒቨርሲቲ ቅበላው እንዴት ይስተካከል የሚሉት ጥያቄዎች ሁለቱም ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያነሷቸው አይደሉም። አንዱ ወረቀቱን ለቀቀ፣ ሌላው መስመሩን ቆረጠ። ሃበርማስ በ2006 በጻፈው አንድ ጽሑፍ ላይ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ጠቁሞ ነበር፤ ኢንተርኔት ሳንሱር ባለበት አገር የአፈናን ግድግዳ ሊሰብር ይችላል፣ ነጻ በሆኑት አገሮች ግን አድማጩን እርስ በርሱ ወደማይሰማማ ትናንሽ ቡድን ይበትነዋል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ አገር በአንድ ዓመት ውስጥ ሊፈጸሙ እንደሚችሉ ኢትዮጵያ አሳይታለች።

ታዲያ መድረኩ በሌላ ደንብ ቢሠራስ? የተሟላ መልስ ባይሆንም፣ በዝርዝር ሊታይ የሚገባ ሙከራ ታይዋን ላይ ተደርጓል።

በማርች 2014 የታይዋን ተማሪዎች መንግሥት ከቻይና ጋር የተዋዋለውን የንግድ ስምምነት ተቃውመው ምክር ቤቱን ለሦስት ሳምንት ያህል ያዙት። ጋቭ ዜሮ የሚባል የፕሮግራመሮች ስብስብ ገመድና ካሜራ ይዞ ገብቶ ውስጥ የሚባለውን በቀጥታ ለውጭው ያስተላልፍ ነበር። የዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሚኒስትሯ ጃክሊን ጻይ ራሷ ወደዚህ ስብስብ ሄዳ፣ ሕዝብ በሕግ ጉዳይ የሚመክርበት መድረክ ሥሩልን አለች። ቪታይዋን የተባለው አሠራር ከዚያ ተወለደ። በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀው ኦድሪ ታንግ ኋላ ላይ ሚኒስትር ሆናለች።

በ2015 የመጣው ትልቁ ፈተና ኡበር ነበር። በስልክ የሚጠራ መኪና፣ እኛ ዘንድ ራይድና መሰሎቹ የሚሠሩትን ዓይነት፣ ታይፔ ገብቶ ባለ ታክሲዎቹን አስቆጣ። ኡበር የንግድ ፈቃድ በሌላቸው ተራ ሰዎች መኪና ይሠራል፣ ግብር አይከፍልም፣ ተሳፋሪው ቢጎዳ መድን የለውም ይላሉ ባለ ታክሲዎቹ። ተሳፋሪው ደግሞ ርካሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሹፌሩ አይሳደብም ይላል። ይህ ጉዳይ በተለመደው የፌስቡክ ገጽ ላይ ቢጣል በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ስድብ እንደሚሄድ መገመት አያቅትም።

የታይዋን ሰዎች የተጠቀሙት ሲያትል ውስጥ የተሠራ ፖሊስ የተባለ መሣሪያ ነው፤ ከጸጥታ አስከባሪው ጋር በስም ብቻ ይገጣጠማል። አሠራሩ ቀላል ነው። ማንም ሰው አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ለምሳሌ “ተሳፋሪ የሚያሳፍር መኪና ሁሉ የመድን ሽፋን ሊኖረው ይገባል”። ሌላው አንብቦ “እስማማለሁ”፣ “አልስማማም” ወይም “ልለፈው” ይላል። መልስ መስጫ የለም። ያልተስማማ ሰው ማድረግ የሚችለው የራሱን የተሻለ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለሌሎች ድምፅ ማቅረብ ብቻ ነው። ተሳዳቢው ተሰድቦ አያተርፍም፤ የሚያራግብለት የለማ።

መሣሪያው የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ከሌላው ጋር እያነጻጸረ፣ ተመሳሳይ ድምፅ የሚሰጡትን አቀራርቦ በካርታ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ላይ ባለ ታክሲዎች፣ የኡበር ሹፌሮች፣ የኡበር ተሳፋሪዎችና ሌሎች ተሳፋሪዎች ለየብቻ ተሰባስበው ታዩ። ቀናት ሲያልፉ ቡድኖቹ ወደ ሁለት ትላልቅ ወገኖች ጠቀለሉ። እዚህ ላይ የደንቡ ልዩነት ይወጣል፤ መሣሪያው ጎልቶ የሚያሳየው ብዙ ድምፅ ያገኘውን ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ወገን ዘንድ ድጋፍ ያገኘውን ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እንዲታይለት የፈለገ ሰው የማዶውን ወገን የሚያሳምን አጻጻፍ መፈለግ ነበረበት። ፌስቡክ ለቁጣ ነጥብ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ይህኛው ድልድይ ለሠራ ሰው ነጥብ ሰጠ።

ከሳምንታት በኋላ ሁለቱም ወገን የተስማሙባቸው ነጥቦች ታዩ። ሹፌሩ የሙያ መንጃ ፈቃድ ይኑረው፣ ተሳፋሪው በመድን ይሸፈን፣ ገቢው ግብር ይከፈልበት፤ መንግሥትም አጋጣሚውን ተጠቅሞ የታክሲውን አገልግሎት ያሻሽል። የመጨረሻው በተለይ ያስገርማል፤ ኡበር ይታገድ ወይስ ይፈቀድ በሚለው ጠብ ውስጥ ተደብቆ የነበረ፣ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር። ቀጥሎ የኡበር ተወካዮች፣ የታክሲ ማኅበራት፣ ምሁራንና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ስብሰባው በቀጥታ ተሠራጨ፤ አጀንዳውም ያው የተስማሙበት ዝርዝር ነበር። ኡበር የሹፌር ፈቃድና መድን ጉዳይ ላይ በአደባባይ ቃል ገባ። መንግሥት በ2016 ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ደንብ አወጣ።

የፍሬዘር መለኪያ እዚህ ይገባል። አስተያየት የሚወጣበት አደባባይ ውሳኔ ወደሚሰጥበት ክፍል የሚያስገባ ደጅ አግኝቷል፤ የሠራውም መሣሪያው ብቻ አይደለም። ውጤቱን አይቶ መልስ እሰጣለሁ ያለ ሚኒስቴር ነበረ፣ ስብሰባ የሚመሩ ሰዎች ነበሩ፣ በቅርቡ ምክር ቤት የተያዘበት መንግሥት ደግሞ መስማት የፈለገበት ጊዜ ነበር። መሣሪያውን ብቻ ቀድቶ የሚወስድ አገር የሚያገኘው የሚያምር ካርታ ነው።

ጉድለቱም በግልጽ መነገር አለበት። በቪታይዋን የተደረሰበት ስምምነት መንግሥትን አያስገድድም። አሠራሩ ይበልጥ የሠራው ገና ሕግ ባልወጣላቸው ዲጂታል ጉዳዮች ላይ ነው፤ ከቻይና ጋር ስላለው ግንኙነት ወይም ስለ ጡረታ ዓይነት ሥር የሰደደ ጠብ ሲመጣ አልተሞከረም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉልበቱም በኋላ ቀንሷል። ኡበርም ቢሆን ቃል ገብቶ በሰላም አልኖረም። ታይዋን ፈቃድ ሳይኖር ለሚደረግ ማጓጓዝ ቅጣቱን በጣም ስታከብደው በፌብሩዋሪ 2017 አገልግሎቱን አቋረጠ፤ በኤፕሪል ተመልሶ የመጣው ፈቃድ ካላቸው የመኪና አከራዮች ጋር እየሠራ ነው።

ሃበርማስ ራሱ ወደ ርእሱ የተመለሰው በ2022፣ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖት በጻፈው አጭር መጽሐፍ ነው። መከራከሪያው ቀጥተኛ ነው፦ ኅትመት ሁሉንም ሰው አንባቢ ሊያደርገው እንደሚችል ሁሉ፣ አዲሱ ሚዲያ ሁሉንም ሰው ጸሐፊ አድርጎታል፤ ነገር ግን ሰዉ ሁሉ ማንበብ እስኪማር ድረስ ክፍለ ዘመናት ወስዷል። በዚያ ላይ መድረኮቹ የሚያሠራጩትን ጽሑፍ እንደ አሳታሚ ኃላፊነት አይወስዱበትም። ሽማግሌው እዚህ ትንሽ ወግ አጥባቂ ሆኗል የሚሉ አሉ፤ የአሮጌው ጋዜጣ አዘጋጅም ደብዳቤውን የሚመርጠው በራሱ ፍላጎት ነበርና። ሆኖም የጋዜጣው አዘጋጅ ስም ከገጹ ላይ ይታተም ነበር፤ የስሌቱ ጸሐፊ ማን እንደሆነ ግን ተጠቃሚው አያውቅም።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ የደረሰ አቅራቢ ለጥያቄ መዘጋጀት አለበት። ከኋላ ወንበር የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ “ይህ ሁሉ ታይዋን ላይ ሠራ፤ ኢንተርኔት በሚዘጋበት፣ ብዙው ገበሬ ስማርት ስልክ በሌለው አገርስ?” ጥያቄው ትክክል ነው፤ “ይቻላል” ብሎ ማለፍም ጥሩ መልስ አይሆንም። ታይዋን ውስጥም ቢሆን መሣሪያው ላይ ድምፅ የሰጡት ጊዜና ኮምፒዩተር ያላቸው ናቸው፤ የቡና ቤቱ ሳንቲም ዛሬ የዳታ ጥቅል ሆኗል። አቅራቢው መልሱን ከመሣሪያው አውጥቶ ወደ ደንቡ ቢያዞረው ያዋጣዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ በወረቀት ተጽፈው በቀበሌ አዳራሽ ሊነበቡ፣ እጅ በማውጣት ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ መልስ መስጠት ሳይሆን የተሻለ ዓረፍተ ነገር ማምጣት ብቻ የሚፈቀድበት ስብሰባ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚፈልገው ውጤቱን ተቀብሎ “ይህን ተቀብያለሁ፣ ያንን ግን በዚህ ምክንያት አልተቀበልሁም” ብሎ በጽሑፍ የሚመልስ ባለሥልጣን ነው።